የቆመ አየር ለምን ይሞቃል?

የመንገደኞች አውሮፕላን በ11 ሺህ ሜትር ከፍታ ሲበር ውጪ ያለው አየር ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫ አካባቢ የተገጠመው የሙቀት መለኪያ ግን ከዜሮ በታች 25 ሊያሳይ ይችላል። መለኪያው አልተበላሸም፤ የሚለካው እርሱ ጋ ደርሶ የቆመውን አየር ነው።

አውሮፕላኑ ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ የሚሮጠው አየሩ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ሜትር ነው እንበል። መለኪያው ላይ ሲደርስ ሩጫው ያበቃል፣ የሩጫው ጉልበት ግን አይጠፋም፤ ራሱን አየሩን ያሞቀዋል። አንድ ኪሎ ግራም አየር በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 1005 ጁል ያህል ስለሚፈልግ፣ ስሌቱ ቀላል ነው፦

T0 = T + V²/(2cp)

250 በራሱ ሲባዛ 62,500 ይሆናል። ይህን ለ2,010 ስናካፍል 31 ዲግሪ እናገኛለን። የውጪው አየር በኬልቪን 216.7 ስለሆነ፣ የቆመው አየር 247.8 ኬልቪን ነው።

ግፊቱስ? በዚያ ከፍታ 22.6 ኪሎ ፓስካል ነው። አየሩ ሲቆም ይታመቃል። ሙቀት ከውጪ ካልገባ ወይም ካልወጣ፣ ሰበቃም ጉልበቱን ካላባከነ፣ እምቅታው ኢሴንትሮፒክ ይባላል፤ ያኔ ሙቀቱና ግፊቱ አብረው ይጓዛሉ፦

p0 = p (T0/T)^3.5

የሁለቱ ሙቀቶች ንፅፅር 1.143 ነው። 3.5 ኃይል ላይ ሲነሣ 1.6 ይሆናል፤ ግፊቱም ወደ 36.2 ኪሎ ፓስካል ያድጋል። እዚህ ላይ ሙቀቱን በሴልሺየስ ያስገባ ሰው ግፊቱ የቀነሰ ይመስለዋል። የቆመ አየር ግፊት ከሚሮጠው ሲያንስ ካያችሁ፣ ስሌቱ ውስጥ ስሕተት አለ።

ፒቶ ቱቦ የሚሠራው ይህንኑ መንገድ ወደ ኋላ በመሄድ ነው፤ ከሁለቱ ግፊቶች ልዩነት ፍጥነቱን ያወጣል። ለውሃ የሚበቃውን የበርኑሊ ቀመር እዚህ ብንጠቀም፣ የአየሩን መታመቅ ስለሚረሳ፣ ፍጥነቱን 273 ሜትር በሰከንድ ይለናል። ይህ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የተሳሳተ ነው።

ሁለቱ ቀመሮች እኩል የሚታመኑ አይደሉም፤ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የሙቀቱ ቀመር የሚጠይቀው ሙቀት እንዳይገባና እንዳይወጣ ብቻ ነው። የግፊቱ ቀመር ግን ምንም ብክነት እንዳይኖር ጭምር ይጠይቃል። ከድምፅ በፈጠነ በረራ ከቱቦው ፊት የግፊት ማዕበል ይፈጠራል። አየሩ ማዕበሉን ሲሻገር የሚቆምበት ሙቀት አይለወጥም፤ ከግፊቱ ግን የተወሰነው ይባክናል። በድምፅ ሁለት እጥፍ ፍጥነት፣ ቱቦው የሚያገኘው ቀመሩ ከሚሰጠው ግፊት 72 በመቶውን ብቻ ነው። ስለዚህ የግፊቱን ቀመር ከማንሣታችሁ በፊት ፍጥነቱ ከድምፅ በታች መሆኑን አረጋግጡ።