የተደበቀው ገጽ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በኤክሴል ፋይል መልስ ሰጠ። የተጠየቀው በየማዕረጉ ስንት ሰው እንዳለ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ግን ማንም ያላስተዋለው የተደበቀ ገጽ ቀርቶ ነበር፤ የ9,483 ፖሊሶችና ሠራተኞች የቤተሰብ ስም፣ ማዕረግና የሥራ ቦታ ያለበት። ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ ፖሊስም 750,000 ፓውንድ ተቀጣ።

ኤክሴል ላይ መደበቅ ማለት መጋረጃ መጋረድ እንጂ ማጥፋት አይደለም። ከሚታዩት ገጾች የአንዱን ስም በቀኝ ተጭኖ Unhide ያለ ሊገልጠው ይችላል። ፒዲኤፍ ላይ የሚሣል ጥቁር ሳጥንም ከዚህ አይሻልም፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይነበባል።

ለፕሮጀክት አጋር የሚላክ የደመወዝ ሪፖርት እንውሰድ። ከዋናው ፋይል ላይ እየቀነሱ ከመሄድ ይልቅ ባዶ ፋይል ከፍቶ አጋሩ የሚያስፈልገውን ብቻ፣ ለምሳሌ የሥራ መደቡንና የክፍያውን መጠን፣ Paste Values በሚለው ማሸጋገር ይሻላል። የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ስልክ መጀመሪያውኑ አይገቡም። ከመላኩ በፊት Inspect Document የተደበቁ ገጾችንና አስተያየቶችን ይፈልጋል።

ኮምፒውተሩ የማያየው ግን አለ። ስሙ ወጥቶ «ሾፌር፣ 1» የሚል መስመር ቢቀር፣ ቢሮው ያለው አንድ ሾፌር ብቻ ከሆነ ደመወዙ የማን እንደሆነ ዘበኛውም ያውቃል። እንዲህ ዓይነቱን መስመር ከጽዳትና ከጥበቃ ጋር ደምሮ «የድጋፍ ሠራተኞች» ብሎ በድምሩ ማቅረብ ይቻላል።