አረቦኑ ሲቀንስ ኤክሰሱ ለምን ይጨምራል?

ለመኪና ኢንሹራንስ በየዓመቱ የምንከፍለው አረቦን ይባላል። ኤክሰስ ደግሞ የራሳችን መኪና ሲጎዳ፣ ከጥገናው ወጪ ላይ እኛው የምንሸፍነው ድርሻ ነው። ኤክሰሱ ከፍ ሲል ትንንሹ ጉዳት በሙሉ በእኛ ላይ ይወድቃል፣ ከትልቁም የኢንሹራንሱ ድርሻ ይቀንሳል። ለዚህ ነው አረቦኑ የሚወርደው።

በምሳሌ እንየው። ከክብረ መንግሥት ሐዋሳ የሚመላለስ አይሱዙ አለን እንበል። አንደኛው ውል አረቦኑ 60,000፣ ኤክሰሱ 10,000 ብር ነው። ሁለተኛው አረቦኑ 48,000፣ ኤክሰሱ 40,000 ብር። ሁለተኛውን ብንመርጥ በዓመት 12,000 ብር ይተርፈናል። ከ40,000 ብር በላይ የሆነ ጉዳት በደረሰ ቁጥር ግን 30,000 ብር ጨምረን እንከፍላለን። 30,000ን ለ12,000 ስናካፍለው ሁለት ዓመት ተኩል ይመጣል። እንዲህ ያለ አደጋ ከዚያ ቀድሞ ከመጣ ከሰርን፣ ከዘገየ አተረፍን።

ስሌቱ የሚሠራው ግን 40,000ው በእጃችን ካለ ነው። ከሌለ መኪናው ጋራዥ ይቆማል፣ ገቢውም አብሮ ይቆማል።

ከመፈረማችሁ በፊት ኤክሰሱ በብር ነው ወይስ በመቶኛ የሚለውን እዩ። «ከጉዳቱ 10 በመቶ ወይም 40,000 ብር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው» ከተባለ፣ ለ500,000 ብር ጉዳት የእናንተ ድርሻ 50,000 ብር ይሆናል።