ለዩኒየን የሚጻፍ ማመልከቻ

አዲስ የአግሮኖሚ ምሩቅ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የመስክ ባለሙያነት ሲያመለክት ደብዳቤውን በ«ታታሪ ነኝ» መሙላት ይቀናዋል። ቀጣሪው የሚፈልገው ግን መስክ ላይ የሠራውን ነው። ለይርጋጨፌ ቡና ዩኒየን የሚጽፍ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ አንቀጽ ያስቀድም፦

«በተግባር ልምምዴ ወቅት አባላት ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ካመጡት እሸት ቡና ውስጥ አረንጓዴውን ከቀዩ ከአርሶ አደሮቹ ጋር ለይቻለሁ። የታጠበውን ቡና አልጋ ላይ እያገላበጥኩ አድርቄ፣ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ መውረዱን በመለኪያ አረጋግጬ አስነስቻለሁ።»

ይህን ያነበበ ቀጣሪ በቃለ መጠይቁ «ሳይደርቅ ቢከማችስ?» ማለቱ አይቀርም። ቡናው እንደሚሻግትና ጣዕሙ እንደሚበላሽ ማስረዳት የሚችለው የሠራው ሰው ነው። አመልካቹ ጌዴኦኛ የሚችል ከሆነም በግልጽ ይጻፈው፤ እሸቱ ለምን እንደተመለሰበት ለአርሶ አደሩ የሚያስረዳው በዚያ ቋንቋ ነውና።