ማጠቃለያውን ከስላይዱ ጋር ማመሳከር

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከስላይድ የሚያወጣው ማጠቃለያ በሦስት መንገድ ሊያሳስት ይችላል፤ ያልተባለ ነገር ይጨምራል፣ የሐሳቡን ክብደት ያዛባል ወይም ማሳሰቢያ ይጥላል። ሦስቱን ለመያዝ አንድ ንባብ አይበቃም። በአንድ ታሪካዊ ስላይድ እንየው።

በጃንዋሪ 2003 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ስትነሳ፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ የተላቀቀ ፎም የግራ ክንፏን መታው። መንኮራኩሯ ገና ሕዋ ላይ ሳለች የቦይንግ መሐንዲሶች የጉዳቱን ግምገማ በስላይድ አቀረቡ። የአንዱ ስላይድ ርዕስ፣ የቀድሞ ሙከራዎች ሲታዩ በሙቀት መከላከያው ላይ የተሰላው ጉዳት ከእውነተኛው ሊበልጥ እንደሚችል የሚጠቁም፣ የሚያረጋጋ ነበር። ከግርጌው ግን የበረራው ሁኔታ ከሙከራዎቹ በእጅጉ የራቀ መሆኑ ተጽፏል፤ የተሞከረው ፎም 3 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን፣ ክንፉን መታ ተብሎ የተገመተው 1920 ነው።

አሁን አንድ መሣሪያ ይህን ስላይድ እንዲህ አጠቃለለው እንበል፦ «መሐንዲሶች ተመሳሳይ ፎም ሞክረው መከላከያው እንደሚቋቋም አረጋገጡ።»

መጀመሪያ ከማጠቃለያው ወደ ስላይዱ እንሂድ። እያንዳንዱን ስም፣ ቁጥርና ግስ ይዘን የት እንዳለ እንፈልግ። «ተመሳሳይ» የሚል የለም፤ ቁጥሮቹ ተቃራኒውን ያሳያሉ። «አረጋገጡ» የሚልም የለም፤ ስላይዱ «ይጠቁማል» ነው የሚለው። ሁለቱም ፈጠራ ናቸው።

ቀጥሎ ክብደቱን እንመዝን። ርዕስ በትልቅ ፊደል ስለሚጻፍ ማጠቃለያው እሱን ዋና መልእክት አድርጎ መውሰድ ይቀናዋል። ስለዚህ «ይህን ስላይድ ያየ ሰው ምን ይወስናል?» ብለን እንጠይቅ። እዚህ ላይ ውሳኔውን የሚለውጠው ከርዕሱ ይልቅ የግርጌው መስመር ነው።

በመጨረሻ አቅጣጫውን እንገልብጥ፤ ከስላይዱ ወደ ማጠቃለያው። የጎደለ ነገር ማጠቃለያውን በማንበብ አይገኝም፤ እዚያ የለምና። በስላይዱ ላይ «ግን»፣ «ካልሆነ በቀር»፣ «በግምት» የሚሉትን ቃላት፣ የግርጌ ማስታወሻዎችንና የሙከራ ወሰኖችን እናስምርባቸው፤ እያንዳንዳቸው ማጠቃለያው ውስጥ መኖራቸውን እንይ። በምሳሌያችን የ3 እና የ1920 ልዩነት ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ኮሎምቢያ በፌብሩዋሪ 1 ወደ ምድር ስትመለስ ተበታትና ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ፤ የአደጋው መርማሪ ቦርድም ወሳኙ መረጃ ከስላይዱ ግርጌ መቀበሩን ነቅፏል።

ማመሳከሩ ወሰን አለው። ተናጋሪው በቃል ያለው ስላይዱ ላይ አይገኝም፤ በምስል የተቀመጠ ግራፍንም መሣሪያው በትክክል ላያነበው ይችላል። ስለዚህ ግራፉን በዓይናችን እንይ፤ የተናጋሪው ማስታወሻ ካለ ደግሞ አብረን እናንብብ።

ስናርም ማሳሰቢያውን ከማጠቃለያው መጨረሻ አንወርውረው። የሚገድበው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ፦ «ሙከራዎቹ መከላከያው ከስሌቱ የተሻለ እንደሚቋቋም ይጠቁማሉ፤ የተሞከረው ፎም ግን ክንፉን መታ ተብሎ ከተገመተው 640 ጊዜ ያህል ያንሳል።» እንዲህ ከተጻፈ ችኩል አንባቢም ማሳሰቢያውን ሳያይ አያልፍም።