መሪው በራሱ ሲጎትት፦ ረድፍ ጠባቂውን ማላላት ወይስ ማጥፋት?

ቱሉ ዲምቱን አልፈው በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየነዱ ነው እንበል። መኪናዎ ሳይታወቅዎት ወደ ነጩ መስመር ሲጠጋ መሪው እጅዎ ላይ ይርገበገባል፤ አለዚያም ቀስ ብሎ ወደ ረድፉ ይመልስዎታል። ይህን የሚያደርገው ሌን ኪፒንግ አሲስት የሚባለው ረድፍ ጠባቂ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በብዛት ከምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ይህን ይዘው ይመጣሉ። ባለቤቶቹ ታዲያ ቀድመው የሚጠይቁት «ማጥፊያው የት ነው?» ብለው ነው። ከማጥፋት በፊት ግን መሪው ለምን እንደሚጎትት ማወቅ ይሻላል፤ መድኃኒቱ እንደ ምክንያቱ ይለያያልና።

ከስፖኪዮው ጀርባ፣ ከፊት መስታወቱ በስተውስጥ የተገጠመች ትንሽ ካሜራ አለች። የምትፈልገው በአስፋልቱ ላይ ጎልቶ የሚታይ መስመር ነው። መስመሩን ስታገኝ መኪናው ምን ያህል እንደራቀውና በምን ፍጥነት እየተጠጋው እንደሆነ ይሰላል። ፍሬቻ ሳይበራ መስመሩ ሊነካ ከሆነ ሥርዓቱ መጀመሪያ ያስጠነቅቃል፤ ጎትቶ መመለስ የሚችል ዓይነት ከሆነም መሪውን ይነካል። ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዱ ድምፁን የማይሰሙት ለዚህ የሚበቃ ፍጥነት ስለሌለ ነው። ለምሳሌ በብዙ የቶዮታ መኪኖች ሥራ የሚጀምረው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደረስ፣ ረድፉም 3 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ሲኖረው ነው።

በሜኑው ውስጥ ያለው ሴንሲቲቪቲ የሚወስነው ማስጠንቀቂያው የሚጀምርበትን ጊዜ ነው፤ ቀድሞ ይጮሃል ወይስ ዘግይቶ። መሪው የሚጎትትበትን ኃይል ግን አይለውጥም። ፎርድን የመሰሉ አምራቾች ለማስጠንቀቂያ መሪው የሚርገበገብበትንም ኃይል ለብቻው ዝቅተኛ፣ መደበኛና ከፍተኛ ብለው ይሰጣሉ፤ ይህም ቢሆን ጉተታውን አይነካም። ብዙ ሰው እነዚህን ስለሚያምታታ ሴንሲቲቪቲውን ዝቅ አድርጎ «አሁንም ይጎትታል» ብሎ ያማርራል። እርግጥ ነው ይጎትታል፤ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ጊዜው ለምን ይህን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በሒሳብ እንየው። መኪናዎ 1 ሜትር ከ85 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ረድፉ ደግሞ 3 ሜትር ተኩል ነው እንበል። መሐሉን ይዘው ከነዱ በግራም በቀኝም 82 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተርፍዎታል። ማስጠንቀቂያው መስመሩ 30 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው የሚነሣ ከሆነ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ወዲያና ወዲህ ቢሉም ዝም ይልዎታል። ረድፉ 3 ሜትር ሲሆን ግን በየጎኑ የሚተርፈው 57 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 27 ሴንቲ ሜትር ስትሄዱ ይጮሃል። የነጂው እጅ አልተለወጠም፤ የጠበበው መንገዱ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ «ዘግይቶ» የሚለውን መምረጥ ተገቢ ነው። ሰፊና ረጅም በሆነው መንገድ ላይ፣ በተለይ ሌሊት ወይም ከምሳ በኋላ እንቅልፍ በሚጫጫንበት ሰዓት፣ «ቀድሞ» የሚለው ይጠቅማል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳልና ያችን ሰከንድ ቀድሞ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ጩኸቱ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ሴንሲቲቪቲ መለወጥ ምንም አይፈይድም። በቀጥታ፣ ቀለሙ በደንብ በሚታይ ባዶ መንገድ ላይ፣ ከጎንዎ የተቀመጠ ሰው መኪናው ከሁለቱ መስመሮች እኩል መራቁን እንዲያይልዎ ያድርጉ። ወደ ግራ አስጠግተው እንደሚነዱ ከነገረዎት ጥፋቱ የልማድ ነው። መሐሉን ይዘው እየነዱም በአንድ በኩል ብቻ የሚጎትት ከሆነ ካሜራዋ ወይም የጎማው አላይመንት መመርመር አለበት። የፊት መስታወት ተሰብሮ የተተካባቸው መኪኖች ላይ ይህ በጣም የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ካሜራዋ የምታየው በዚያ መስታወት በኩል ስለሆነ ከተተካ በኋላ በአምራቹ ዘዴ እንደገና መለካት ይኖርባታል። መስታወት ቀያሪው «ካሜራዋን ቦታዋ መልሻለሁ» ቢል ያ ልኬት ማለት አይደለም።

ማጥፋት አስፈላጊ የሚሆነው መኪናውና ነጂው በመንገዱ ላይ የማይስማሙበት ጊዜ ነው። ከአዳማ አልፈው ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ይህን በደንብ ያያሉ። ባለ ሁለት ረድፍ ነው፤ የጅቡቲን ጭነት የሚያመላልሱ ተሳቢዎች ይበዙበታል። ከፊት የሚመጣ ተሳቢ መሐሉን ቀምቶ ሲመጣብዎ ብልሃቱ ቀኝ ትከሻውን መጠጋት ነው። የዳሩ ቀለም የሚታይ ከሆነ ግን ረድፍ ጠባቂው መስመር ሊለቁ ነው ብሎ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ተሳቢው ይመልስዎታል። ግፊቱ እጅ የሚያሸንፈው ነው፤ በአውሮፓ ሕብረት ደንብ መሪውን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ከ50 ኒውተን እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ይህም 5 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከማንሣት አይበልጥም። ችግሩ ባላሰቡት ቅጽበት መምጣቱ ነው። ለሕፃን ወይም ለከብት ሲሸሹም እንደዚያው። ፍሬቻ ማብራት ሥርዓቱን ዝም ያሰኘዋል፤ ነገር ግን በድንገተኛ ጊዜ ፍሬቻ የሚያስታውስ ማን ነው?

መንገድ ሲጠገን የቆየውና አዲሱ ቀለም ተደራርበው በሚታዩበት ቦታም ማጥፋት ይሻላል። ዝናብ ዘንቦ ፀሐይ ዝቅ ስትል የሚያብረቀርቅ የስንጥቅ ሬንጅም መስመር መስሎ ሊታይ ይችላል። ትርፍ ጎማዎ አነስ ያለው ዓይነት ሆኖ ከተገጠመም ያጥፉት።

ከዚህ በመለስ ግን ሙሉ በሙሉ ከማጥፋት በፊት መካከለኛ ምርጫ አለ፦ ማስጠንቀቂያውን ትቶ መሪ የሚነካውን ክፍል ብቻ መዝጋት። በብዙ መኪኖች ሁለቱ የተለያዩ ምርጫዎች ናቸው። ከቻይና በቀጥታ በገቡት ላይ ሜኑው በቻይንኛ ስለሆነ እነዚህን ይፈልጉ፦ 车道保持 ረድፍ መጠበቅ፣ 灵敏度 ሴንሲቲቪቲ፣ 高 ከፍተኛ፣ 低 ዝቅተኛ፣ 关闭 ማጥፋት። ይህን የሚያደርጉት መኪናው ቆሞ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ያረጋግጡ፦ ያጠፉት ነገር ሞተሩን አጥፍተው ሲያስነሡ ተመልሶ ይመጣል ወይስ እንደጠፋ ይቆያል? ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ሕብረት የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ከመንገድ መውጣትን የሚከላከለው ሥርዓት በእያንዳንዱ ማስነሻ ላይ በርቶ እንዲጀምር ግዴታ ነው። ሌሎች መኪኖች ግን ምርጫውን ያስታውሳሉ፤ በአዋሹ መንገድ ያጠፋ ሰው ሲመለስ በፍጥነት መንገዱ ላይ እንደበራ አስቦ ሊነዳ ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የረድፍ ምልክት ቀለምዋ ምን ማለት እንደሆነ ከመኪናው መጽሐፍ አንዴ ቢያዩ ያንን በጨረፍታ ያውቃሉ።