ርዕሱ ሲተረጎም የሚፈለገው ቃል የት ይገባል?

በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ርዕስ እንውሰድ፦ «Ethiopian Passport Renewal Online: Requirements, Fees and Step-by-Step Guide»። ቃል በቃል ሲተረጎም «የኢትዮጵያ ፓስፖርት የመስመር ላይ እድሳት፦ መስፈርቶች፣ ክፍያዎች እና የደረጃ በደረጃ መመሪያ» ይሆናል። ስህተት የለውም፤ ግን ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል? ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈው «ፓስፖርት ለማደስ» ብሎ ነው።

ስለዚህ ከመዝገበ ቃላት በፊት መፈለጊያውን መክፈት ይሻላል። ጎግል ላይ «ፓስፖርት» ብላችሁ ስትጀምሩ ከሥር የሚዘረዘሩት ጥቆማዎች የሰዉን አነጋገር ያሳያሉ። ያገኛችሁትን ሐረግ ሳትበትኑ ርዕሱ መጀመሪያ ላይ አስቀምጡት፤ ረጅም ርዕስ ስልክ ላይ ጫፉ ይቆረጣልና። «ፓስፖርት በኦንላይን ለማደስ» ጥሩ አማርኛ ነው፤ ሐረጉን ግን መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል። «ፓስፖርት ለማደስ ምን ያስፈልጋል? ክፍያውስ ስንት ነው? የኦንላይን አሞላሉ» ቢባል ሐረጉም ይተርፋል፣ አንደበትም አያደናቅፍም። መስፈርትና ክፍያ ጥያቄ ሆኑ፤ «የደረጃ በደረጃ መመሪያ» የሚለው ግትር አባባልም ቀረ። «የኢትዮጵያ» የሚለውን የመጀመሪያው አንቀጽ ይሸከመው፤ በአማርኛ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የየትኛው አገር እንደሆነ አይጽፍም።

ሌላው ጣጣ ሞክሼ ፊደል ነው። «እድሳት» እና «ዕድሳት» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የመጀመሪያ ፊደላቸው ይለያያል። ርዕሱ ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈውን ተጠቀሙ፤ ሌላውን ጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አስገቡት። ሁለቱንም ርዕስ ላይ መደርደር አንባቢን ያሸሻል።