የቅጠል ደጆች በግፊት እንዴት ይከፈታሉ? እንዴትስ ይዘጋሉ?

ከባቄላ ቅጠል የታችኛው ገጽ ስስ ልጣጭ ገፈን በማይክሮስኮፕ ብንመለከት፣ እርስ በርሳቸው በተጠላለፉ ሕዋሳት መካከል ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ፣ የኩላሊት ቅርጽ ያላቸው ሕዋሳትን እናያለን። እነዚህ ዘብ ሕዋሳት ይባላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ቀዳዳ ደግሞ ስቶማ ሲሆን ብዙዎቹ በአንድነት ስቶማታ ይባላሉ።

ተክሉ ይህን ደጅ ለምን አንዴ ከፍቶ አይተወውም? የተን ግፊቶችን በማነጻጸር መልሱን ማግኘት እንችላለን። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በቅጠሉ ውስጥ ያለው አየር በውኃ ተን የጠገበ በመሆኑ የተኑ ግፊት 3.2 ኪሎፓስካል ያህል ነው። የውጭው አየር አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ ቢሆን፣ ውኃን ወደ ውጭ የሚገፋው ልዩነት 1.6 ኪሎፓስካል ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ውስጥ የሚገፋው ልዩነት ግን 0.01 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። የውኃ ሞለኪውል ቀላል ስለሆነ በፍጥነትም ይበልጣል። በመሆኑም አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ለማስገባት ተክሉ 200 ወይም ከዚያ የሚበልጡ የውኃ ሞለኪውሎችን ይከፍላል።

አሁን ወደ ደጁ አሠራር እንለፍ። ጎሕ ሲቀድ በተለይ ሰማያዊው ብርሃን በዘብ ሕዋሱ ሽፋን ላይ ያሉትን ፓምፖች ያነቃል። እነዚህ ፓምፖች በሕዋሱ ኃይል እየሠሩ የሃይድሮጂን አዮኖችን ወደ ውጭ ያስወጣሉ። የሕዋሱ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይበልጥ ኔጌቲቭ ስለሚሆን፣ ፖዘቲቭ የሆኑት የፖታሺየም አዮኖች በቦዮች በኩል ይሳባሉ። ሙላቱን ለማመጣጠን ክሎራይድ ይገባል፣ ወይም ማሌት በሕዋሱ ውስጥ ይመረታል።

የፖታሺየሙ መጠን በሊትር 0.2 ሞል ጨመረ፣ አጃቢዎቹ ኔጌቲቭ አዮኖችም በዚያው ልክ ጨመሩ እንበል። የሟሙት ቅንጣቶች በጠቅላላው በሊትር 0.4 ሞል፣ ማለትም በሜትር ኩብ 400 ሞል ጨመሩ ማለት ነው። የኦስሞሲስ ግፊት P = cRT ስለሆነ፦

400 × 8.31 × 298 ≈ 990,000 ፓስካል

ይህ 1 ሜጋፓስካል ያህል ሲሆን፣ በትንሽ መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ሕዋሱ ሲያብጥ ውስጡ ስለሚቀጥን እውነተኛው ጭማሪ ከዚህ ያንሳል፤ መጠኑን ለመገመት ግን ይህ ስሌት ይበቃናል። ውኃው የሚገባው ማንም ሳይገፋው ሲሆን፣ የሕዋሱ ግድግዳ የሚመልሰው ግፊት የውኃውን ፍላጎት እስኪያመዛዝን ድረስ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ያበጡ ሁለት ሕዋሳት ቀዳዳውን በመጨፍለቅ ፈንታ ለምን ይከፍቱታል? ምሥጢሩ ግድግዳው ላይ ነው። የሴሉሎስ ክሮች እንደ በርሜል ቀለበት ሕዋሱን በወርዱ ዙሪያ ስለጠመጠሙት ብዙም መወፈር አይችልም፤ መርዘም ግን ይችላል። የጥንዶቹ ጫፎች እርስ በርስ የተጣበቁ በመሆናቸው፣ የሚረዝመው ሕዋስ እንደ ቀስት ወደ ውጭ ይጎብጣል። በዚህ ጊዜ መሐሉ ይከፈታል። የግፊት ለውጥ ቀዳዳውን እንደሚያንቀሳቅሰው ጀርመናዊው ሁጎ ፎን ሞል ገና በ1856 እ.ኤ.አ. አሳይቶ ነበር።

አፈሩ ሲደርቅ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ተቃራኒውን ሂደት ያስጀምራል። የኔጌቲቭ አዮኖች ቦዮች ይከፈታሉ፣ ፖታሺየምም ተከትሎ ይወጣል። ውኃውም ከኋላ ይከተላል፤ ግፊቱ ይወድቃል፣ ቀስቱም ይቀናል።

ሆኖም የዘብ ሕዋሱ ግፊት ብቻውን ሁሉን አይወስንም። ጎረቤት ሕዋሳትም በራሳቸው ግፊት ከጎን ይጫኑታል። በመሆኑም ቅጠል በድንገት ደረቅ አየር ሲያገኘው፣ ጎረቤቶቹ ቀድመው ስለሚላሉ ስቶማታው ከመዘጋቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃዎች ይበልጥ ሊከፈት ይችላል።

አንባቢ ይህን በቤተ ሙከራ ማየት ይችላል። ብርሃን ላይ ከቆየ የባቄላ ቅጠል ልጣጭ ወስደን በውኃ ጠብታ ውስጥ እናድርግና የተከፈቱትን ቀዳዳዎች እንይ። ቀጥለን ውኃውን፣ 34 ግራም ስኳር ይዞ መጠኑ 100 ሚሊሊትር በሆነ ብጥብጥ እንተካው። የብጥብጡ የኦስሞሲስ ግፊት 2.5 ሜጋፓስካል ያህል ስለሆነ ከዘብ ሕዋሳቱ ውኃ ይስባል፤ ቀዳዳዎቹም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠባሉ። ስኳሩን በውኃ አጥበን ስናስወግድ ቀዳዳዎቹ እንደገና ከተከፈቱ፣ ሕዋሳቱ በሕይወት እንዳሉና የዘጋቸው የግፊት መውረድ እንደ ነበር እናውቃለን። ካልተከፈቱ ግን ልጣጩ ሲገፈፍ ሕዋሳቱ ተጎድተው ሊሆን ስለሚችል፣ ሙከራውን በሌላ ልጣጭ መድገም ያስፈልጋል።